ፖሊኖሚያል ለኳድራቲክ ሲካፈል ቀሪውን በ ax + b ማግኘት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጥያቄው በፈተና ላይ አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ሆኖ ይመጣል፦

«ፖሊኖሚያሉ P(x) ለ x − 1 ሲካፈል ቀሪው 5 ነው። ለ x + 2 ሲካፈል ደግሞ ቀሪው −4 ነው። P(x) ለ (x − 1)(x + 2) ሲካፈል ቀሪው ምንድን ነው?»

P(x) ራሱ አልተሰጠም፣ ዲግሪውም አልተነገረም። ስለዚህ ወረቀት ላይ አስቀምጦ ማካፈል አይቻልም። ያም ሆኖ መልሱ አንድና አንድ ብቻ ነው፤ ከሁለት መስመር ስሌትም አያልፍም። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች በዚሁ ምሳሌ ዙሪያ የሚነሱ ናቸው። ጥቂቶቹ ምሳሌው የማይሸፍናቸውን ሁኔታዎች ይመለከታሉ።

ቀሪው ለምን ax + b ተብሎ ይጻፋል? ለምን እንደ በፊቱ አንድ ቁጥር ብቻ አይሆንም?

ማካፈል የሚቆመው የተረፈው ነገር ከአካፋዩ ያነሰ ዲግሪ ሲኖረው ነው። ለ x − 1 ስናካፍል የአካፋዩ ዲግሪ 1 ስለሆነ የሚተርፈው ከ1 ያነሰ ዲግሪ ያለው፣ ማለትም x የሌለበት ቁጥር ነው። ሪሜይንደር ቲዎረምን ስንማር ቀሪው ሁልጊዜ ቁጥር ሆኖ የምናገኘው ለዚህ ነው።

አካፋዩ ኳድራቲክ ሲሆን ግን ዲግሪው 2 ነው። በዚህ ጊዜ ማካፈሉ ሊቆም የሚችለው የተረፈው ዲግሪ 1 ወይም ከዚያ በታች ሲሆን ነው። እንደ 3x + 2 ያለ ነገር ከተረፈ ለ x² + x − 2 ከዚህ በላይ ሊካፈል አይችልም፤ ስለዚህ ቀሪ ሆኖ ይቀመጣል። ዲግሪው ከ2 ያነሰ ማንኛውም ፖሊኖሚያል በ ax + b መልክ ሊጻፍ ይችላል፤ a ዜሮ ከሆነ ቁጥር ብቻ ይቀራል፣ ሁለቱም ዜሮ ከሆኑ ደግሞ ያለ ቀሪ ተካፍሏል ማለት ነው። ax + b ብለን ስንጀምር እንግዲህ ምንም ግምት አልወሰድንም፤ የሚቻለውን ሁሉ የያዘ መልክ ነው የጻፍነው።

ገና ከመጀመሪያው «ቀሪው k ይሁን» ብሎ መነሳት በዚህ ርዕስ ላይ ከሚሠሩ ስህተቶች አንዱ ነው። እንዲህ የጀመረ ሰው ትንሽ ቆይቶ k = 5 እና k = −4 የሚሉ ሁለት የሚጋጩ መስመሮች ያገኛል። ግጭቱ ጥያቄው ተሳስቷል ማለት አይደለም። ለቀሪው የተሰጠው ቦታ ጠቧል ማለት ነው።

P(x) ሳይታወቅ ቀሪው እንዴት ሊታወቅ ይችላል?

ማካፈልን በማባዛት መልክ እንጽፈው። ድርሻውን Q(x) ብንለው፦

P(x) = (x − 1)(x + 2)·Q(x) + ax + b

እዚህ ላይ የማናውቃቸው ነገሮች Q(x)፣ a እና b ናቸው። Q(x) ምን እንደሆነ ለማወቅ የሚረዳ መረጃ የለንም፤ ግን አያስፈልገንም። የምናደርገው Q(x) ከመስመሩ እንዲጠፋ ማድረግ ነው። በ x ቦታ 1 ብንተካ (x − 1) ዜሮ ይሆናል፤ ዜሮ ደግሞ የተባዛበትን ሁሉ፣ Q(1) ስንትም ቢሆን፣ ያጠፋዋል። የሚቀረው P(1) = a + b ነው። በ x ቦታ −2 ብንተካም (x + 2) ዜሮ ይሆንና P(−2) = −2a + b ይቀራል።

P(1) እና P(−2) ስንት ናቸው? የተሰጡን ሁለት ቀሪዎች እነሱው ናቸው። በሪሜይንደር ቲዎረም መሠረት P(x) ለ x − 1 ሲካፈል ቀሪው P(1) ነው፤ ለ x + 2 ሲካፈል ቀሪው P(−2) ነው። ስለዚህ፦

a + b = 5
−2a + b = −4

ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ስንቀንስ b ይጠፋና 3a = 9 ይሆናል፤ a = 3። ከዚያ b = 5 − 3 = 2። ቀሪው 3x + 2 ነው።

ይህንኑ ትንሽ የሚያፋጥን አጻጻፍ አለ፤ ከለመዱት በኋላ ወደ ax + b መመለስ አያሰኝም። ቀሪው በ x = 1 ላይ 5 እንደሚሆን አስቀድመን ስለምናውቅ ከመነሻው 5 + a(x − 1) ብለን እንጽፈዋለን። አሁን ያልታወቀው a ብቻ ነው። −2 ስንተካ 5 − 3a = −4 እናገኛለን፤ a = 3 ይሆናል። ሲዘረዘር 5 + 3x − 3፣ ማለትም ያው 3x + 2 ነው።

በ x ቦታ 1 ስንተካ ለዜሮ ማካፈላችን አይደለም ወይ?

ይህ ጥያቄ ትክክለኛ ጥርጣሬ ነው፤ መልሱን ሳያገኙ ማለፍ አይገባም። P(x)/(x − 1) ብለን በክፍልፋይ መልክ ከጻፍነው በእርግጥ 1ን መተካት አይቻልም። እኛ ግን የተካነው በማባዛት መልክ በተጻፈው መስመር ላይ ነው። ያ መስመር በግራና በቀኝ ያሉት ሁለት ፖሊኖሚያሎች አንድ ናቸው ይላል። ቀኝ በኩል ያለው ሲዘረዘር በእያንዳንዱ የ x ፓወር ፊት ያለው ኮኤፊሸንት ከ P(x) ጋር አንድ ይሆናል። አንድ የሆኑ ፖሊኖሚያሎች ደግሞ የትኛውም ቁጥር ቢተካባቸው እኩል ዋጋ ይሰጣሉ፤ 1 እና −2 ከዚህ የተለዩ አይደሉም። ክፍልፋይ በሌለበት ለዜሮ ማካፈልም የለም።

ሌላ ቁጥር፣ ለምሳሌ P(0) ቢሰጠኝ ልጠቀምበት እችላለሁ?

ብቻውን አይረዳም። 0 ስንተካ P(0) = −2·Q(0) + b ይመጣል። Q(0) አልጠፋም፤ አንድ እኩልታ አግኝተን አንድ አዲስ ያልታወቀ ቁጥር ጨመርን ማለት ነው።

በሁለት ፖሊኖሚያሎች ላይ እንየው። x³ + x² + x + 2 ለ (x − 1)(x + 2) ሲካፈል ድርሻው x፣ ቀሪው 3x + 2 ነው። 5x² + 8x − 8 ለዚያው ሲካፈል ደግሞ ድርሻው 5፣ ቀሪው አሁንም 3x + 2 ነው። ሁለቱም በ x = 1 ላይ 5፣ በ x = −2 ላይ −4 ይሰጣሉ። በ x = 0 ላይ ግን የመጀመሪያው 2፣ ሁለተኛው −8 ነው። P(0) ስለ ቀሪው ምንም አይናገርም፤ የሚናገረው ስለ ድርሻው ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ብዙ ቁጥሮች ሲደረድር መጀመሪያ መታየት ያለበት አካፋዩን ዜሮ የሚያደርጉት የትኞቹ እንደሆኑ ነው። ሌሎቹ ወይ ለሌላ ክፍል የተሰጡ ናቸው፣ ወይ ለማሳሳት የገቡ ናቸው።

ሁለቱን ቀሪዎች መደመር ወይም ማባዛት አይቻልም?

አይቻልም። አካፋዮቹ ስለተባዙ ቀሪዎቹም ይባዛሉ ብሎ ማሰብ በቀላሉ ይመጣል፤ 5 × (−4) = −20 ተብሎ ይጻፋል። ሌላው ደግሞ 5 + (−4) = 1 ይላል። ሁለቱም የሚወድቁበት ቦታ አንድ ነው። ትክክለኛው ቀሪ በ x = 1 ላይ 5፣ በ x = −2 ላይ −4 መሆን አለበት። −20 የትም ቦታ −20 ነው፤ 1ም የትም ቦታ 1 ነው። ዋጋው የማይለዋወጥ ቁጥር ሁለት የተለያዩ ዋጋዎችን ሊሰጥ አይችልም።

ከዚሁ አንድ ጠቃሚ ነገር ይገኛል። ሁለቱ የተሰጡ ቀሪዎች እኩል ከሆኑ፣ ለምሳሌ ሁለቱም 7 ቢሆኑ፣ a ዜሮ ይሆንና ቀሪው 7 ራሱ ይሆናል። እኩል ካልሆኑ ደግሞ ቀሪው የግድ x ይኖረዋል። ይህን በማየት ብቻ መልሱ ምን ዓይነት እንደሚሆን ስሌት ሳይጀመር ማወቅ ይቻላል።

በግራፍ ለሚያስብ ሰው ነገሩ ይበልጥ ግልጽ ነው። y = ax + b ቀጥ ያለ መስመር ነው። የምንፈልገው መስመር የ P(x) ግራፍን (1, 5) እና (−2, −4) ላይ የሚያገኘውን ነው። በሁለት ነጥቦች የሚያልፍ ቀጥ ያለ መስመር አንድ ብቻ ነው፤ መልሱም አንድ ብቻ የሆነው ለዚህ ነው። a የዚያ መስመር ስሎፕ ነው፦ (5 − (−4)) / (1 − (−2)) = 9/3 = 3።

መልሴ ትክክል መሆኑን እንዴት አረጋግጣለሁ?

P(x) ካልተሰጠ ያለው ማረጋገጫ ቀሪውን በሁለቱ ቁጥሮች ላይ መፈተሽ ነው። 3(1) + 2 = 5 እና 3(−2) + 2 = −4። ሁለቱም ከተሰጠው ጋር ይስማማሉ።

ግን እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንድ ሰው x + 2ን አይቶ 2 ቢተካ እኩልታዎቹ a + b = 5 እና 2a + b = −4 ይሆኑበታል። ከዚያም a = −9፣ b = 14 ያገኛል። ማረጋገጫውንም በዚያው በ2 ላይ ቢሠራ −9(2) + 14 = −4 ይመጣለትና ትክክል ነኝ ብሎ ያልፋል። ስህተቱ ራሱን ደበቀ። ስለዚህ ማረጋገጫ ሲሠራ ቀደም ሲል ከጻፉት እኩልታ ሳይሆን ከአካፋዩ እንደገና መነሳት ያስፈልጋል፦ x + 2ን ዜሮ የሚያደርገው ስንት ነው? −2። −9(−2) + 14 = 32 ነው፤ −4 አይደለም። ስህተቱ ወጣ።

P(x) ከተሰጠ የተሻለ መንገድ አለ። ከሁለቱ ቁጥሮች ውጭ ሌላ ሙሉ ቁጥር እንምረጥ፤ 3 ይሁን። ለ P(x) = x³ + x² + x + 2 በ3 ላይ 27 + 9 + 3 + 2 = 41 ነው። ቀሪያችን 3x + 2 በ3 ላይ 11 ነው። ልዩነቱ 30። አካፋዩ በ3 ላይ (3 − 1)(3 + 2) = 10። 30 ለ10 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ እንዲያውም 3 መሆኑ Q(3) = 3ን ይሰጠናል። የ P(x) እና የአካፋዩ ኮኤፊሸንቶች ሙሉ ቁጥሮች ከሆኑና አካፋዩ በ x² ከጀመረ (በ x² ፊት ያለው 1 ከሆነ) ይህ ሁልጊዜ እኩል መካፈል አለበት። ካልተካፈለ የሆነ ቦታ ስህተት አለ። ሲካፈል ግን በአጋጣሚም ሊሆን ስለሚችል አካፋዩ ትልቅ ዋጋ የሚያገኝበትን ቁጥር መምረጥ ይሻላል።

በዚህ ሁኔታ a ክፍልፋይ ሆኖ ከወጣም ተመልሶ ማየት ነው። የ P(x) ኮኤፊሸንቶች ሙሉ ቁጥሮች፣ አካፋዩን ዜሮ የሚያደርጉት ሁለቱም ሙሉ ቁጥሮች ከሆኑ የ P ዋጋዎች ልዩነት በቁጥሮቹ ልዩነት ያለ ቀሪ ይካፈላል። a = 8/3 ያለ ነገር ከመጣ ምልክት ወይም መደመር ላይ ተሳስተናል።

x¹⁰⁰ ለ x² − 3x + 2 ሲካፈል ቀሪው ስንት ነው? መቶ ጊዜ ማካፈል አለብኝ?

የለብዎትም። በቀጥታ ቢካፈል ድርሻው ዲግሪው 98 የሆነ 99 ተርም ያለው ፖሊኖሚያል ነው። ቀሪውን ለማግኘት ግን እሱን ማየት አያስፈልግም።

መጀመሪያ አካፋዩን በፋክተር እንጻፈው፦ x² − 3x + 2 = (x − 1)(x − 2)። ዜሮ የሚያደርጉት 1 እና 2 ናቸው። እዚህ የ P ዋጋዎች አልተሰጡም፤ እኛው እናወጣቸዋለን። 1¹⁰⁰ = 1 ነው፤ 2¹⁰⁰ ደግሞ 2¹⁰⁰ ነው። ስለዚህ፦

a + b = 1
2a + b = 2¹⁰⁰

ስንቀንስ a = 2¹⁰⁰ − 1፤ ከዚያ b = 1 − a = 2 − 2¹⁰⁰። ቀሪው (2¹⁰⁰ − 1)x + 2 − 2¹⁰⁰ ነው።

መልሱ እንዲህ ሆኖ ሲወጣ ብዙዎች ይደነግጣሉ፤ ቁጥሩን ዘርዝረው ለመጻፍም ይሞክራሉ። 2¹⁰⁰ 31 አሃዝ ያለው ቁጥር ነው፤ በዚሁ መልኩ መተው ትክክለኛ መልስ ነው። መጠንቀቅ ያለብን 2¹⁰⁰ን 200 ብሎ መጻፍን እና b ላይ ምልክቱን ማጥፋትን ነው፦ 1 − (2¹⁰⁰ − 1) ሲፈታ 1 − 2¹⁰⁰ + 1 ነው፤ ብዙ ጊዜ የመጨረሻው + 1 ይረሳል።

እንዲህ ያለ ትልቅ ፓወር ሲያጋጥም በ100 ቦታ ትንሽ ቁጥር አስገብቶ መፈተሽ ጥሩ ነው። x³ ቢሆን ኖሮ ያው ቀመር (2³ − 1)x + 2 − 2³ = 7x − 6 ይሰጣል። በቀጥታ ስናካፍል x³ = (x² − 3x + 2)(x + 3) + 7x − 6 ነው። ተስማምቷል።

አካፋዩ (2x − 1)(x + 3) ቢሆንስ?

መንገዱ አይለወጥም፤ ዜሮ የሚያደርጉት ቁጥሮች ብቻ ይለወጣሉ። 2x − 1 ዜሮ የሚሆነው x = 1/2 ላይ ነው። P(1/2) = 4 እና P(−3) = −3 ከሆኑ፦

a/2 + b = 4
−3a + b = −3

ስንቀንስ (7/2)a = 7 ይሆናል፤ a = 2፣ b = 3። ቀሪው 2x + 3 ነው።

አንዳንዶች በ x² ፊት 2 ስላለ መጨረሻ ላይ ቀሪውን ለ2 ማካፈል ወይም በ2 ማባዛት ያለባቸው ይመስላቸዋል። አያስፈልግም። አካፋዩ በማንኛውም ቁጥር (ከዜሮ በቀር) ቢባዛ የሚለወጠው ድርሻው ነው፤ አካፋዩ እጥፍ ሲሆን ድርሻው ግማሽ ይሆናል፣ ብዜታቸው ግን ያው ነው። ስለዚህ የሚተርፈውም ያው ነው።

አካፋዩ (x − 1)² ሲሆን ሁለተኛውን እኩልታ ከየት አመጣለሁ?

ዘዴው የሚሰናከልበት ቦታ ይህ ነው። ዜሮ የሚያደርገው ቁጥር 1 ብቻ ስለሆነ የምናገኘው a + b = P(1) የሚል አንድ እኩልታ ነው። «P(x) ለ x − 1 ሲካፈል ቀሪው 5 ነው» የሚለው መረጃ ብቻ ካለ ጥያቄው ሊመለስ አይችልም። x + 4 እና 2x + 3 ሁለቱም በ1 ላይ 5 ይሰጣሉ፤ ዲግሪያቸው 1 ስለሆነ ለ (x − 1)² ሲካፈሉ ቀሪያቸው ራሳቸው ናቸው፤ ሁለቱ ደግሞ የተለያዩ ናቸው።

ሁለተኛው መረጃ የሚመጣው ከደሪቬቲቭ ነው። ቀሪውን c + a(x − 1) ብለን እንጻፈው፦

P(x) = (x − 1)²·Q(x) + c + a(x − 1)

1 ስንተካ c = P(1) ነው። አሁን ሁለቱንም ወገን ደሪቬቲቭ እንውሰድ። (x − 1)²·Q(x) የሚለው ደሪቬቲቩ ሲወሰድ ሁለት ተርሞች ይሰጣል፤ በሁለቱም ውስጥ ቢያንስ አንድ (x − 1) ይቀራል። ስለዚህ 1 ስንተካ ሁለቱም ይጠፋሉ፤ የሚተርፈው P′(1) = a ነው።

x³ ላይ እንሞክረው። P(1) = 1 ነው፤ P′(x) = 3x² ስለሆነ P′(1) = 3። ቀሪው 1 + 3(x − 1) = 3x − 2 ነው። ማረጋገጫው፦ x³ − 3x + 2 = (x − 1)²(x + 2)። በግራፉ ላይ ደግሞ ሁለቱ ነጥቦች ተቀራርበው አንድ ሲሆኑ በእነሱ የሚያልፈው መስመር ታንጀንት ይሆናል፤ 3x − 2 የ x³ ግራፍ በ x = 1 ላይ ያለው ታንጀንት ነው።

ደሪቬቲቭ ላልተማረ ሌላ በር አለ። x³ − 1 = (x − 1)(x² + x + 1) ነው። በሁለተኛው ቅንፍ ውስጥ 1 ስንተካ 3 ይመጣል፤ a ማለት ይኸው ነው። መጀመሪያ P(x) − P(1)ን ለ x − 1 አካፍሎ፣ ከተገኘው ድርሻ ላይ እንደገና 1 መተካት ነው።

x² + 1ን ዜሮ የሚያደርግ ቁጥር ከሌለስ?

ሪል ቁጥር የለም፤ ኮምፕሌክስ ቁጥር ግን አለ። x = i ስንተካ i² + 1 = 0 ነው። ለምሳሌ P(x) = x⁷ + 3x⁴ − 2 ለ x² + 1 ሲካፈል፦ i⁷ = −i፣ i⁴ = 1፤ ስለዚህ P(i) = −i + 3 − 2 = 1 − i። ይህ ከ ai + b ጋር እኩል መሆን አለበት። a እና b ሪል ስለሆኑ i ያለበትን ከ i ጋር፣ የሌለበትን ከሌለበት ጋር ስናስተያይ a = −1፣ b = 1 ይሆናል። ቀሪው −x + 1 ነው። አንዱ ኮምፕሌክስ እኩልታ ሁለት ሪል እኩልታዎች ስለሰጠን −iን መተካት አያስፈልግም፤ ብንተካውም አዲስ ነገር አይነግረንም።

i ሳይነካም ይሠራል። x² + 1ን ዜሮ ማድረግ x²ን በ −1 መተካት ነው። x⁴ ወደ 1፣ x⁶ ወደ −1፣ x⁷ ወደ −x ይለወጣል፤ ያው −x + 1 ይወጣል።

ይህ የመተካት መንገድ ዜሮ የሚያደርጉት ቁጥሮች ሩት ሲኖርባቸውም ያድናል። x³ + 2x + 1 ለ x² − 2x − 1 ይካፈል ቢባል ቁጥሮቹ 1 + √2 እና 1 − √2 ናቸው። በእነሱ መሥራት ይቻላል፤ ነገር ግን x² = 2x + 1 ብሎ መተካት ይፈጥናል። x³ = x·x² = 2x² + x = 2(2x + 1) + x = 5x + 2። በቦታው ሲገባ 5x + 2 + 2x + 1 = 7x + 3። P(x) ተሰጥቶ ዲግሪው 3 ወይም 4 ብቻ ከሆነና አካፋዩ በቀላሉ በፋክተር ካልተጻፈ በዚህ መንገድ ወይም በተለመደው ማካፈል መሄድ ይሻላል፤ ሁለት እኩልታ በሩት መፍታት ትርፉ ድካም ነው።

ሁለቱ ዋጋዎች በቀጥታ ካልተሰጡስ?

ይህ ከበድ ተደርጎ የሚቀርበው ዓይነት ነው፦ «P(x) ለ x² − 4 ሲካፈል ቀሪው 3x + 1 ነው፤ ለ x² − 9 ሲካፈል ቀሪው 2x + 5 ነው። ለ (x − 2)(x − 3) ሲካፈልስ?»

የሚያስፈልጉን P(2) እና P(3) ናቸው፤ ሁለቱም እዚያው ውስጥ ተደብቀዋል። x² − 4 በ2 ላይ ዜሮ ስለሚሆን P(2) ከመጀመሪያው ቀሪ ዋጋ ጋር እኩል ነው፦ 3(2) + 1 = 7። x² − 9ም በ3 ላይ ዜሮ ስለሚሆን P(3) = 2(3) + 5 = 11። አሁን 2a + b = 7 እና 3a + b = 11 ናቸው፤ a = 4፣ b = −1። ቀሪው 4x − 1 ነው።

ተማሪ እዚህ ላይ የሚሳሳተው 2 እና 3ን በሁለቱም ቀሪዎች ላይ ሲተካ ነው። 3x + 1 በ3 ላይ 10 ይሰጣል፤ ያ ግን P(3) አይደለም፣ ምክንያቱም x² − 4 በ3 ላይ 5 እንጂ ዜሮ አይደለም፤ ድርሻው አልጠፋም። አንድ ቀሪ የ P(x)ን ዋጋ በእርግጠኝነት የሚነግረን የራሱን አካፋይ ዜሮ በሚያደርጉ ቁጥሮች ላይ ብቻ ነው። P(−2) = −5 እና P(−3) = −1 የሚሉ ሁለት ተጨማሪ ዋጋዎችም ከዚሁ ይገኛሉ፤ ለተጠየቀው አካፋይ ግን አያገለግሉም። የሚያገለግሉት ጥያቄው ለ (x + 2)(x + 3) ወይም ለ (x − 2)(x + 3) ቢለወጥ ነው።